ሎሱ ረግቶ ኮፊሸንቱ ሲገለበጥ፦ ግራዲየንት ዲሰንት እና ስኬሊንግ

ጥያቄ፦ «ለኮርስ ፕሮጀክት የሐዋሳን የቤት ኪራይ በክፍል ብዛትና ከሐይቁ ባለው ርቀት (በሜትር) ለመተንበይ ግራዲየንት ዲሰንት ራሴ ጻፍኩ። ለፍተሻ ያህል መጀመሪያ አራት ቤት ብቻ አስገባሁ። ለርኒንግ ሬቱን 0.01 ሳደርገው ስክሪኑ በ nan ይሞላል። 0.000001 ሳደርገው ይሠራል፤ በ1,000 ዙር ሎሱ 14.57 ላይ ረጋ። ግን ከሐይቁ በራቅን ቁጥር ኪራይ ይጨምራል ይለኛል። ይሄን ደላላ ቢሰማ ይስቅብኛል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ፎርሙላህ ስህተት ነው› ይላል። ሌላው ‹ስኬል ስላላደረግክ አኪዩሬሲው ወርዶ ነው› ይላል። የትኛው ነው ልክ?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አላገኙትም። ፎርሙላህ ልክ ነው። ስኬሊንግም በዚህ ሞዴል ላይ አኪዩሬሲ አይጨምርም አይቀንስም። ችግሩ ስሌቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ አንተ «ደረሰ» ብለህ ማቆምህ ነው። መንገዱን ያረዘመው ደግሞ ሜትር እና የክፍል ብዛት በአንድ ለርኒንግ ሬት እንዲሄዱ መገደዳቸው ነው። የላክካቸውን አራት ቤቶች ይዘን በቁጥር እንየው። ኪራዩ በሺህ ብር ነው።

```python
import numpy as np
X = np.array([[1, 500], [3, 500], [1, 1500], [3, 1500]], float)
y = np.array([6.5, 11.5, 3.5, 10.5])
```

ሞዴሉ ቀላል ነው። ኪራይ = w₀ + w₁ × ክፍል + w₂ × ርቀት። ሦስቱን w ማግኘት ነው ሥራው። ሎሱ የስህተቶቹ ስኩዌር አማካይ ግማሽ ነው። ግማሹ ሲደራይቭ 2 ቁጥሩን ለማጥፋት ብቻ የገባ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግለት።

```
J(w) = (1/2n) · Σ (ŷᵢ − yᵢ)²

wⱼ ← wⱼ − α · (1/n) · Σ (ŷᵢ − yᵢ) · xᵢⱼ
```

ሁለተኛው መስመር የማሻሻያ ደንቡ ነው። ቀስ ብለህ አንብበው። ለእያንዳንዱ ቤት ስህተቱን ትወስዳለህ። ትንበያው ከፍ ካለ ስህተቱ ፖዘቲቭ ነው፣ ዝቅ ካለ ነጌቲቭ። ያን ስህተት በዚያው ቤት የዓምዱ ቁጥር ታባዛለህ። የሁሉንም ቤቶች አማካይ ትወስዳለህ። ይሄ ግራዲየንቱ ነው። ከዚያ በለርኒንግ ሬቱ በ α አባዝተህ ከድሮው w ላይ ትቀንሳለህ። ለ w₀ የዓምዱ ቁጥር ሁሌም 1 ስለሆነ ግራዲየንቱ የስህተቶቹ ተራ አማካይ ይሆናል። ሦስቱንም w የምታሻሽለው በድሮዎቹ ዋጋ ባሰላኸው ስህተት ነው። w₀ን ቀይረህ በአዲሱ w₀ ስህተቱን እንደገና አስልተህ ወደ w₁ ከሄድክ የምትሠራው ሌላ ስልት ነው።

ደንቡ ውስጥ ዓይንህን የሚፈልገው ቦታ መጨረሻ ላይ ያለው xᵢⱼ ነው። ግራዲየንቱ በስህተቱ መጠን ብቻ አይወሰንም። ዓምዱ በተጻፈበት መለኪያም ይባዛል። አንድ ርቀት በሜትር ሲጻፍ በኪሎሜትር ከተጻፈው 1,000 ጊዜ የሚበልጥ ግራዲየንት ይሰጣል። ቤቱ ግን የትም አልሄደም። የችግርህ ሁሉ ምንጭ እዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር በእጅ እንሥራው። ሦስቱም w ከዜሮ ይነሱ። ትንበያው ሁሉ ዜሮ ስለሆነ ስህተቶቹ የኪራዮቹ ነጌቲቭ ናቸው። አማካዩ −8 ይመጣል፤ የ w₀ ግራዲየንት እሱ ነው። እያንዳንዱን በክፍል ብዛት አባዝተህ አማካይ ስትወስድ −19 ታገኛለህ። በርቀት ስታባዛ ግን −7,500 ይወጣል። አሁን α = 0.01 አድርግ። አዲሶቹ w 0.08፣ 0.19 እና 75 ይሆናሉ። 75 ሺህ ብር በአንድ ሜትር! ከሐይቁ 1,500 ሜትር ላይ ላለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ኮድህ የተነበየው ወርኃዊ ኪራይ 112.5 ሚሊዮን ብር ነው። ይሄ የሆነው በመጀመሪያው ዙር ነው።

ቀጥሎ ምን ይመጣል? ስህተቱ አሁን ግዙፍ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ደንቡ w₂ን ወደ ታች ይጎትተዋል። ግን ሲጎትት ልክ አያውቅም፤ w₂ ከ75 ተነስቶ ወደ −937,000 አካባቢ ይወርዳል። በሦስተኛው ዙር እንደገና ወደ ላይ ይወረወራል። በእያንዳንዱ ዙር ምልክቱን ይቀይራል፣ መጠኑም ወደ 12,500 ጊዜ ያህል ይባዛል። በዚህ አካሄድ 100 ዙር ሳይሞላ ኮምፒውተሩ ሊጽፈው ከሚችለው ቁጥር በላይ ይሆናል። መጀመሪያ ሎሱ inf ይላል። ትንሽ ቆይቶ inf ከ inf ሲቀነስ nan ይመጣል። nan ስታይ ዳታህ ውስጥ ባዶ ሴል ከሌለ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይሄን ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዙሮች w ፕሪንት አድርግ። ምልክቱ በየዙሩ ከተገለባበጠና መጠኑ ካደገ α በዝቷል ማለት ነው።

ያ 12,500 ከየት መጣ? አንድ ዓምድ ብቻ ቢኖርህ ከትክክለኛው w ያለህ ርቀት በየዙሩ በ (1 − α·c) ይባዛል። c የዚያ ዓምድ ቁጥሮች ስኩዌር አማካይ ነው። የሎሱ ኩርባ በዚያ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚነግርህ እሱ ነው። ለክፍል ብዛት c = 5 ነው። ለርቀት c = 1,250,000። በ α = 0.01 ለክፍል ብዛት ብዜቱ 0.95 ነው፤ ጥሩ ነው፣ በየዙሩ አምስት በመቶ ትጠጋለህ። ለርቀት ግን 1 − 12,500 = −12,499 ይመጣል። አየህ? 0.01 ለአንዱ ዓምድ የሰከነ እርምጃ ነው፣ ለሌላው እብደት። ብዜቱ ከ −1 እና ከ 1 መሐል እንዲሆን α ከ 2/c ማነስ አለበት። ስለዚህ ርቀት በሜትር እስካለ ድረስ α ከ 0.0000016 ማለፍ አይችልም። አንተ 0.000001 ላይ ስትደርስ ያመለጥከው ይሄን ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 0.000001 ላይ «ይሠራል» ያልከው።

በዚህ α የርቀት ብዜት 1 − 1.25 = −0.25 ነው። በጣም ፈጣን ነው። w₂ በጥቂት ዙሮች ውስጥ ይረጋል። ግን የት ላይ ነው የሚረጋው? w₀ እና w₁ ገና ዜሮ አጠገብ ናቸው። ስለዚህ w₂ ኪራዩን ሁሉ ብቻውን ለመሸከም ይሞክራል። በሞዴሉ ውስጥ ያለው ርቀት ብቻ ቢሆን፣ መነሻ ኪራይ የሚባል ነገር ባይኖር፣ ኪራይ ፖዘቲቭ ስለሆነ ርቀትም ፖዘቲቭ ስለሆነ ኮፊሸንቱ ፖዘቲቭ መሆን ግድ ነው። 7,500 ሲካፈል ለ1,250,000 = 0.006። ማለትም በየሜትሩ 6 ብር ጭማሪ። ደላላው የሚስቅበት ቁጥር ይሄ ነው። የዳታህ መልእክት አይደለም። w₀ እና w₁ እስኪመጡ ድረስ w₂ ክፍተቱን እየሸፈነ ያለበት ጊዜያዊ ቦታ ነው።

ሎሱስ? ሲነሳ 37.125 ነበር። w₂ 0.006 ላይ ሲረጋ ሎሱ 14.625 ላይ ነው። ይሄ በጣት በሚቆጠሩ ዙሮች የሆነ ነው። ከዚያ የቀረው ሥራ w₀ን እና w₁ን ማሳደግ ነው። በዚያ ቦታ የ w₁ ግራዲየንት −7 ያህል ነው። በ0.000001 ስታባዛው አንድ ዙር w₁ን በ0.000007 ያሳድገዋል። በ1,000 ዙር 0.007። ትክክለኛው w₁ ግን 3 ነው። ሎሱ በእነዚያ 1,000 ዙሮች የወረደው ከ14.625 ወደ 14.57 ነው። ግራፉ ላይ ሲሳል ፍጹም ሜዳ ይመስላል። ትክክለኛው የሎስ ወለል ደግሞ 0.125 ነው። እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀርሃል።

ምን ያህል? ሦስቱን ዓምዶች አንድ ላይ ስናይ የሎሱ ገጽ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ፣ ወለሉ ግን ረጅምና ሜዳ የሚመስል ጠባብ ሸለቆ ነው። የገደሉ ኩርባ 1,250,000 አካባቢ ነው። ወለሉ የሚያዘቀዝቅበት በጣም ለስላሳው አቅጣጫ ግን 0.106 ብቻ ነው። የእርምጃህን ርዝመት የሚወስንልህ ገደሉ ነው፤ የምትሄደው ግን በወለሉ ላይ ነው። በ α = 0.000001 በዚያ አቅጣጫ ያለው ስህተት ወደ አንድ አሥረኛው ለመውረድ 22 ሚሊዮን ያህል ዙር ይፈልጋል። ለአራት ቤት! የሁለቱ ኩርባዎች ሬሾ ኮንዲሽን ነምበር ይባላል። እዚህ ወደ 12 ሚሊዮን ይጠጋል። ግራዲየንት ዲሰንት ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ አንድ ቁጥር ነው።

ስለዚህ α ላይ መታገል ዋጋ የለውም። ጣሪያው 0.0000016 ነው፣ አንተ 0.000001 ላይ ነህ። እስከ ጫፉ ብትገፋው እንኳ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ብቻ ትፈጥናለህ። መቀየር ያለበት የሸለቆው ቅርጽ ነው። ስኬሊንግ የሚሠራው ያን ነው።

ስታንዳርዳይዜሽን የሚባለውን ተጠቀም። ከእያንዳንዱ ዓምድ አማካዩን ቀንስ፣ ከዚያ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አካፍል። የክፍል ብዛት አማካይ 2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 ነው። የርቀት አማካይ 1,000፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 500። ሁለቱም ዓምዶች −1 እና 1 ብቻ ይሆናሉ። የስኩዌራቸው አማካይ 1 ነው፣ የ w₀ ዓምድም 1 ነው። በእነዚህ አራት ቤቶች ላይ ክፍልና ርቀት ዝምድና ስለሌላቸው ሸለቆው ሙሉ በሙሉ ክብ ጎድጓዳ ይሆናል። ኮንዲሽን ነምበሩ ከ12 ሚሊዮን ወደ 1 ይወርዳል።

```python
m, s = X.mean(axis=0), X.std(axis=0)
Z = np.c_[np.ones(len(X)), (X - m) / s]
w = np.zeros(3)
for k in range(100):
    g = Z.T @ (Z @ w - y) / len(y)
    w = w - 0.1 * g

b = w[1:] / s
b0 = w[0] - (b * m).sum()
```

እዚህ ከዜሮ ሲነሳ የመጀመሪያው ግራዲየንት −8፣ −3 እና 1 ነው። α = 0.1 ስለሆነ አዲሶቹ w 0.8፣ 0.3 እና −0.1 ይሆናሉ። የርቀት ኮፊሸንት ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ትክክለኛ ምልክቱን ይዟል። ምክንያቱም አማካዩ ስለተቀነሰ ርቀት የመነሻ ኪራዩን ሥራ እንዲሸፍን አይጠየቅም። ሁሉም ስህተቶች በየዙሩ በ0.9 ይባዛሉ። ወደ አንድ አሥረኛ ለመውረድ 22 ዙር ይበቃል። ቅድም 22 ሚሊዮን ነበር። በ50ኛው ዙር ሎሱ 0.126 ላይ ነው፣ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በ100ኛው ዙር w ወደ 8፣ 3 እና −1 ተጠግቷል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚናገሩት በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቋንቋ ነው። −1 ማለት ርቀት በ500 ሜትር ሲጨምር ኪራይ በ1,000 ብር ይቀንሳል ማለት ነው። የኮዱ የመጨረሻ ሁለት መስመሮች ወደ ሜትርና ክፍል ይመልሱልሃል። የክፍል ኮፊሸንት 3 ሲካፈል ለ1፣ ያው 3። የርቀት −1 ሲካፈል ለ500፣ −0.002። መነሻው 8 − 6 + 2 = 4። ስለዚህ ኪራይ = 4 + 3 × ክፍል − 0.002 × ርቀት። በየሜትሩ 2 ብር ቅናሽ። ይሄን የመመለስ እርምጃ የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው። ሪፖርቱ ላይ «የርቀት ኮፊሸንት −1 ነው» ብሎ ይጽፍና በሜትር እንደሆነ ያስነብባል።

ስኬሊንግ ማለት ማካፈል ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አማካዩን መቀነስም እኩል ሥራ አለው። በአንተው ዳታ ላይ እንየው። አማካዩን ሳትቀንስ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻ ብታካፍል ሁለቱም ዓምዶች 1 እና 3 ይሆናሉ። መለኪያቸው እኩል ሆነ። ኮንዲሽን ነምበሩ ግን 98 ነው፣ 1 አይደለም። ሁሉም ቁጥሮች ከዜሮ በላይ ስለሆኑ ሁለቱም ዓምዶች ከ w₀ የ1 ዓምድ ጋር ተመሳሳይ አቅጣጫ ይይዛሉ። በ α = 0.1 ወደ አንድ አሥረኛ ለመውረድ 227 ዙር ያህል ትፈልጋለህ፣ ከ22 ጋር አወዳድረው። ርቀቱን ዝም ብለህ ወደ ኪሎሜትር ብትቀይረው ደግሞ ኮንዲሽን ነምበሩ ወደ 77 ይሆናል። ከ12 ሚሊዮን ወደ 77፣ መለኪያ በመቀየር ብቻ! ይሄ ስኬሊንግ ምሥጢራዊ ነገር እንዳልሆነ ያሳይሃል። የሚቀረውን ከ77 ወደ 1 የሚያወርደው ግን በዋናነት አማካዩን መቀነሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ ልመለስ። ተራ የሊስት ስኩዌርስ ሪግሬሽን ላይ ስኬል ብታደርግም ባታደርግም የሸለቆው ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጠው ትንበያ አንድ ነው። ዓምዱን ለ500 ስታካፍል ኮፊሸንቱ በ500 ይባዛል፣ ትንበያው አይነቃነቅም። የሚለየው የመድረሻው ፍጥነት ነው። ጓደኛህ አኪዩሬሲ ሲሻሻል ያየው ምናልባት ሳይደርስ የቆመውን ከደረሰው ጋር አወዳድሮ ይሆናል። ሪጅ ወይም ላሶ ስትጠቀም ግን ነገሩ ይለወጣል። እነሱ የኮፊሸንቱን መጠን ራሱን ስለሚቀጡ መለኪያ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። እዚያ ስኬሊንግ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ስኬሊንግ የማያድነው ነገርም አለ። ከአራቱ ቤት አልፈህ እውነተኛውን ዳታ ስትሰበስብ ካሬ ሜትር የሚል ዓምድ መጨመርህ አይቀርም። ከመናኸሪያ አካባቢ እስከ ታቦር ብትዞር ክፍል የበዛበት ቤት ስፋቱም ይበዛል፤ ሁለቱ ዓምዶች ይዛመዳሉ። ኮሪሌሽናቸው 0.95 ከሆነ ሁለቱንም ስታንዳርዳይዝ ካደረግክ በኋላ እንኳ ኮንዲሽን ነምበሩ 39 ይሆናል፣ 1.95 ሲካፈል ለ0.05። 39 አያስፈራም፤ ጥቂት መቶ ዙሮች ይበቃሉ። ግን ኮሪሌሽኑ 0.999 ከሆነ ወደ 2,000 ይደርሳል። ያኔ ዘገምተኛው አቅጣጫ «የክፍሉ ነው ወይስ የስፋቱ?» የሚለው ጥያቄ ነው፣ ዳታህ ራሱ በደንብ አይመልሰውም። መፍትሔው አንዱን ዓምድ መጣል ነው። ስኬሊንግ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው ስለሚነካ በዓምዶች መካከል ያለውን ዝምድና አይፈታም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች። የ1 ዓምዱን ከሌሎቹ ጋር ስኬል እንዳታደርግ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ዜሮ ስለሆነ ዜሮ ለዜሮ ይካፈልና ያው nan ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ α ብትቀንስም አይሄድም። በኮዴ ላይ np.ones ሳይነካ፣ ስኬል ከተደረጉት ዓምዶች ጎን የተጨመረው ለዚህ ነው። በሁሉም ቤቶች አንድ ዓይነት ዋጋ ያለው ዓምድ ካለም እንደዚያው ነው፤ አውጣው።

አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ከማሰልጠኛው ክፍል ብቻ አስላ፣ አስቀምጥ፣ ለሙከራውና ለአዲስ ቤት ያንኑ ተጠቀም። አንድ አዲስ ቤት መጥቶ «ኪራዩ ስንት ይሆናል?» ስትባል የዚያን ቤት ርቀት በ1,000 እና በ500 ነው የምታስተካክለው። ከአዲሶቹ ቤቶች አዲስ አማካይ ካሰላህ ኮፊሸንቶቹ ከተማሩበት ሌላ መለኪያ ነው የምትሰጣቸው። በነገራችን ላይ pandas ላይ .std() ስትል በ n − 1 ያካፍላል፣ numpy በ n። ፍጥነቱ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም፤ ሲመለስም ያንኑ s እስከተጠቀምክ ድረስ መልሱ አንድ ነው።

ሌላው 1/n ነው። አንዳንድ ሰው ይረሳዋል፣ በአራት ቤት ሲሞክረው ምንም አይሆንም። 400 ቤት ሲያስገባ ግራዲየንቱ 400 እጥፍ ሆኖ ይመጣና α = 0.1 ስኬል በተደረገ ዳታ ላይ እንኳ ይፈነዳል። አራት ቤት ላይ የሠራ ኮድ ትልቁ ዳታ ላይ nan ካለህ መጀመሪያ እዚያ ሂድ።

መድረስህን የምታውቅበት መንገድ የሎስ ግራፍ ብቻ መሆን የለበትም። ግራዲየንቱን ፕሪንት አድርገው። አንተ በቆምክበት በ14.57 ላይ ግራዲየንቱ −2፣ −7 እና 0.01 ገደማ ነበር። የታችኛው ነጥብ ላይ ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። −7 ዜሮ አይደለም። ግራፉ ሜዳ የመሰለው α ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው። ስኬል ካደረግክ በኋላ የግራዲየንቱ ትልቁ ቁጥር ከ0.0001 ሲያንስ አቁም፤ ለኪራይ ትንበያ ከበቂ በላይ ነው። ሎሱ ዜሮ እንዲሆን አትጠብቅ። በዳታህ ላይ የእያንዳንዱ ቤት ስህተት 500 ብር ሆኖ ይቀራል፣ ቀጥታ መስመር ከዚያ በላይ ሊጠጋው አይችልም። 0.125 ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ቁርጥ ያለ ምክር። የፕሮጀክቱን ኮፊሸንት በግራዲየንት ዲሰንት አታውጣ። ዓምዶችህ ሁለትም ይሁኑ ሃያ፣ ቤቶቹም ጥቂት መቶዎች፣ ቀጥታ መፍትሔው በአንድ መስመር ይወጣል፤ α የለው፣ ዙር የለው።

```python
A = np.c_[np.ones(len(X)), X]
b, *_ = np.linalg.lstsq(A, y, rcond=None)
```

ይሄ 4፣ 3 እና −0.002 ይሰጥሃል፣ ስኬል ሳይደረግ። ስኪት ለርን ላይ ያለው LinearRegression ም የሚሠራው በቀጥታ መፍትሔ ነው። ግራዲየንት ዲሰንት ቦታው ሌላ ነው። ዓምዶች አሥር ሺዎች ሲደርሱ የቀጥታው ስሌት ሥራ በዓምዶቹ ቁጥር ኪዩብ ስለሚያድግ ይከብዳል። ዳታው ሜሞሪ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር፣ ወይም ሞዴሉ ቀጥታ ፎርሙላ የሌለው ሲሆንም እሱ ነው የሚያዋጣው። እዚያ SGDRegressor ን ስትጠቀም ከፊቱ StandardScaler አስገባ፤ ሳታስገባ አትሞክረው።

ኮርሱ ግራዲየንት ዲሰንት በእጅህ እንድትጽፍ ካስገደደህ ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ የ lstsq መልስ አውጥተህ አስቀምጥ። ስታንዳርዳይዝ አድርግ። α ከ0.1 ጀምር። ሎሱ ካደገ በ3 አካፍለው፣ ከወረደ በ3 አባዛው፤ መፈንዳት ሲጀምር አንድ ደረጃ ተመለስ። ግራዲየንቱ ዜሮ አጠገብ ሲደርስ ኮፊሸንቶቹን ወደ ሜትርና ክፍል መልሰህ ከ lstsq ጋር አስተያይ። እስከ ሦስተኛው ዴሲማል ካልገጠሙ ወይ ገና አልደረስክም፣ ወይ መመለሻው ላይ b0 ን ማስተካከል ረስተሃል።